«ከሳሪ» የተባለውን ምርት ከማቆማችሁ በፊት፦ ከጅማው ቡናና ማር ቤታችን ሒሳብ

እኔና እህቴ ጅማ ውስጥ፣ መርካቶ አካባቢ፣ ቡና ቆልተንና ማር አሽገን የምንሸጥባት ትንሽ ቤት አለችን። የምንሸጠው ሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው ለካፌና ለሆቴል በኪሎ የሚሄድ የተቆላ ፍሬ ቡና ነው። ሁለተኛው ለሱቆች የምናስረክበው ባለ 250 ግራም የተፈጨ ቡና ነው። ሦስተኛው ማር ነው፤ ከጌራ በኩል የሚመጣልን የጫካ ማር። ከሁለት በላይ ምርት ይዞ «የቱን ልተው?» የሚል ነጋዴ በዝቶብኛል። ይኸው ጥያቄ እኛም ቤት ገብቶ ስለነበር እንዴት እንደሠራነው ቁጥር በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ የቡናና የማር ዋጋም አንድ ቦታ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ አካሄዱን ተከተሉ።

ወሬው የተነሳው ሒሳብ የሚሠራልን ልጅ ወሩን ዘግቶ ባመጣው ሠንጠረዥ ነው። የወሩ ሽያጭ በድምሩ 720,000 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ፍሬ ቡናው 360,000፣ የተፈጨው 216,000፣ ማሩ 144,000 ብር አስገብተዋል። የጋራ ቋሚ ወጪያችን ደግሞ 90,000 ብር ነው፦ ኪራይ 25,000፣ ደመወዝ ከጥበቃው ጋር 42,000፣ የመቁያ ማሽኑ የእርጅና ተቀናሽ 12,000፣ የሒሳብ ሥራ 5,000፣ ውሃ፣ ስልክና የቤቱ መብራት 3,000፣ ፈቃድና ጥቃቅኑ ተደምሮ 3,000። ልጁ ይህን 90,000 በሽያጭ ድርሻ አከፋፈለው። ፍሬ ቡናው የሽያጩን ግማሽ ስለሚይዝ 45,000 ተሸከመ፤ የተፈጨው 27,000፣ ማሩ 18,000 ደረሳቸው። ከታች ያለው መስመር እንዲህ ይላል፦ ፍሬ ቡና 11,000 ትርፍ፣ የተፈጨ ቡና 13,000 ትርፍ፣ ማር 6,000 ኪሳራ። ኪሳራዋ በቀይ ተጽፋለች።

እህቴ ቀዩን እንዳየች፣ «በቃ ማሩን እናቁመው። በየወሩ 6,000 ብር ከፍለን ሰው ማር እናበላለን እንዴ?» አለች። ነገሩ ሲታይ እውነት ይመስላል። ማሩ 6,000 ካከሰረን፣ ማሩ ሲቀር የወሩ ትርፍ ከ18,000 ወደ 24,000 ከፍ ይላል ማለት ነው። ሠንጠረዡን ላነበበ ሰው ሌላ ነገር አይታየውም።

እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እታለም፣ ማሩ ሲቀር እነዚያን 18,000 ብሮች ማን ይከፍላቸዋል?»

የቤቱ ባለቤት ማር አቆማችሁ ብሎ ኪራይ አይቀንስልንም። ጥበቃው የሚጠብቀው በሩን እንጂ ማሩን አይደለም፤ ደመወዙ ያው ነው። የመቁያ ማሽኑ ማር ነክቶ አያውቅም። ማሩ ላይ የተለጠፈው 18,000 ብር ማሩ ያመጣው ወጪ አይደለም፤ ከቤቱ ወጪ ተቆርሶ የተሰጠው ድርሻ ነው። ማሩ ሲሄድ ድርሻውን ይዞ አይሄድም፤ ለሁለቱ ቡናዎች ጥሎላቸው ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ወደ ጎን አድርገን እያንዳንዱን ምርት ለብቻው ቆጠርን። አንድ ምርት ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ እሱ ብቻ የሚያመጣውን ወጪ ቀንሳችሁ የሚተርፈው የዚያ ምርት ኮንትሪቢውሽን ማርጂን ይባላል። ትርፍ ግን አይደለም። ለኪራዩ፣ ለደመወዙና ለቀሪው የጋራ ወጪ የሚያዋጣው መዋጮ ነው፤ ከመዋጮው ድምር ላይ የጋራው ወጪ ተከፍሎ የሚተርፈው ነው ትርፍ።

ከፍሬ ቡናው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጥሬ ቡና በኪሎ 600 ብር ገዛን እንበል። አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 600 ብር የሚፈጅ ይመስላችኋል። አይደለም። ቡና ሲቆላ ውሃው ይወጣል፣ ገለባው ይበራል፣ በለቀማ የሚጣለውም አለ። እኛ ጋ 100 ኪሎ ጥሬ ቡና ገብቶ የሚወጣው 82 ኪሎ ገደማ ነው፤ ካፌዎቹ ጠቆር አድርጉልን ሲሉ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ 600ን ለ0.82 ታካፍላላችሁ፤ የአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ጥሬ ዕቃ 732 ብር ነው። በዚህ ላይ የመቁያ ጉልበት 12፣ ከረጢት 10፣ ማድረሻ 6 ብር ሲጨመር 760 ይሆናል። የምንሸጠው በ900 ነው። መዋጮው በኪሎ 140 ብር ነው፤ በወር 400 ኪሎ ስለምንሸጥ 56,000 ብር።

ሲቆላ የሚቀንሰውን ክብደት የረሳ ሰው በ628 ብር ወጪ አስቦ መዋጮው 272 ብር ነው ይላል፤ ከእውነተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንዲህ አስቦ ለአንድ ሆቴል 150 ብር ዋጋ ቢቀንስ በየኪሎው 10 ብር እየጨመረ ነው የሚሸጥለት፤ ደግሞ ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ይከስራል። ስህተቱን የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው፦ ከመቁያው በፊትና በኋላ መዝኑ፣ በደብተር ጻፉ፣ በወሩ መጨረሻ የገዛችሁትን ጥሬ ቡና ከሸጣችሁትና መጋዘን ካለው ጋር አስተያዩ። ማሽን የሸጠላችሁ ሰው የነገራችሁን ቁጥር አትመኑ፤ የራሳችሁ ሚዛን ይበልጣል።

የተፈጨው በፓኬት ነው። የሩብ ኪሎ የተቆላ ቡና ጥሬ ዕቃ 183 ብር፣ ፓኬቱና ስቲከሩ 17፣ መቁያ፣ መፍጫና ማሸጊያ 4፣ ማድረሻ 6፣ ለሽያጭ ሠራተኛው በፓኬት የምንከፍለው ኮሚሽን 10 ብር ነው። ድምሩ 220። ለሱቅ የምናስረክበው በ270 ነው። በፓኬት 50 ብር ያዋጣል፤ በወር 800 ፓኬት ስለምናወጣ 40,000 ብር።

የማሩን ዝርዝር ወደ ታች እመጣበታለሁ፤ ለአሁኑ ድምሩን ያዙልኝ። ማሩ በወር ከራሱ ወጪዎች በኋላ 15,000 ብር ይተርፈዋል። ለማሩ ብቻ የተከራየናት ጠባብ መጋዘን አለች፤ 3,000 ብር ናት። ቋሚ ወጪ ናት፣ ግን የጋራ አይደለችም፤ ማሩ ሲቀር እሷም ትቀራለች። ስለዚህ ከማሩ ላይ ትቀነሳለች፤ የማሩ ንጹህ መዋጮ 12,000 ብር ይሆናል። ልጁም ይቺን በትክክል ማሩ ላይ ጽፏት ነበር፤ የቀዩዋ 6,000 የመጣችው ከ12,000 ላይ 18,000 ሲቀነስ ነው።

አሁን ደምሩት፦ 56,000 እና 40,000 እና 12,000፣ በድምሩ 108,000 ብር መዋጮ። ከዚህ 90,000 የጋራ ወጪ ሲቀነስ 18,000 ብር ትርፍ። ልጁ ካወጣው ትርፍ ጋር አንድ ነው፤ ሒሳቡ አልተበላሸም፣ አቀማመጡ ነው የተለየው። ማሩን አውጡትና እንደገና ደምሩ፦ 96,000 መዋጮ፣ ሲቀነስ 90,000፤ የሚቀረው 6,000 ብር ብቻ ነው። ትርፋችን ወደ 24,000 ከፍ ሊል ቀርቶ በአንድ ጊዜ 12,000 ብር ይወርዳል። እህቴ ካልኩሌተሩን ተቀብላኝ ራሷ ደገመችው፤ እኔን አታምነኝም፣ ደግሞም ደግ አደረገች።

የሚገርመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማሩን አቁመን ቢሆን ኖሮ በቀጣዩ ወር ልጁ ያንኑ 90,000 ብር ለሁለቱ ቡናዎች ያከፋፍለዋል። ሽያጩ 576,000 ስለሚሆን ፍሬ ቡናው 62.5 በመቶውን፣ ማለትም 56,250 ብር ይሸከማል። መዋጮው 56,000 ነው። እንግዲህ ባለፈው ወር 11,000 ብር ያተረፈው ፍሬ ቡና፣ አንዲት ነገር ሳይለወጥበት፣ ያው ኪሎ፣ ያው ዋጋ፣ ያው ደንበኛ እያለ 250 ብር ከሳሪ ተብሎ በቀይ ይጻፋል። ቀዩን የሚያምን ሰው እሱንም ያቆማል። ያኔ የተፈጨው ብቻውን በ40,000 መዋጮ 90,000 ብር ይሸከማል፤ በወር 50,000 ኪሳራ። በየደረጃው «ከሳሪውን» እየቆረጠ የሄደ ሰው በሁለት እርምጃ ቤቱን ዘጋ ማለት ነው። የአንድ ምርት ትርፍ ሌላው ምርት በመቅረቱ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ያ ቁጥር ስለ ምርቱ ሳይሆን ስለ አከፋፈሉ ነው የሚነግራችሁ። እኔ ማንኛውንም የምርት ሠንጠረዥ ሳይ መጀመሪያ የምፈትነው በዚህ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም። ወጪን ማከፋፈል የራሱ ቦታ አለው፤ ለዓመቱ ሒሳብ፣ ወይም «ሁሉም ምርት ተደምሮ ቤቱን ይችላል ወይ?» ለሚለው፣ ወይም ዋጋ ስታወጡ ኪራዩን እንዳትረሱት ይጠቅማል። የቱን ልተው ለሚል ጥያቄ ግን አልተሠራም። ደግሞ አከፋፈሉ ራሱ ምርጫ ነው፤ በሽያጭ ፈንታ በኪሎ ቢያከፋፍለው ኖሮ ቁጥሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር፤ መዋጮው ግን ንቅንቅ አይልም።

የትኛው ወጪ ከምርቱ ጋር እንደሚሄድ ለመለየት እኛ እያንዳንዱን ደረሰኝ አንስተን «ማሩ ከመጪው ወር ጀምሮ ባይኖር ይቺን ብር እንከፍላታለን?» እያልን ጠየቅን። እንከፍላለን ከሆነ የጋራ ነው፤ አንከፍልም ከሆነ የማሩ ነው። አብዛኛው ወዲያው ይለያል። ያከራከረን የልጅቷ ደመወዝ ነው። ማር የምታጣራውና የምታሽገው አንዲት ልጅ አለችን፤ ወረቀት ላይ የማር ሠራተኛ ናት። ግን ከሰዓት በኋላ የተፈጨ ቡና የምታሽገው እሷው ናት፤ ማሩ ቢቀር አናሰናብታትም፣ ያለ እሷ 800 ፓኬት አይወጣም። ስለዚህ ደመወዟ የጋራ ሆኖ ቀረ። በቀን ሥራ የምትመጣ ብትሆንና በጣሳ ብንከፍላት ኖሮ መልሱ ይገለበጥ ነበር። አንድን ወጪ ቋሚ ወይም ተለዋዋጭ የሚያደርገው ስሙ ሳይሆን ውሉ ነው፤ ሌላ ቤት ያለ ደመወዝ እናንተ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የማሽኑ እርጅናም ቢሆን እንዲሁ ነው። 12,000 ብሩ ከኪሳችን በየወሩ የሚወጣ አይደለም፤ ማሽኑ ከተገዛ ቆይቷል። ምርት ብንተው ያ ገንዘብ አይመለስም። ማሽኑን መሸጥ የሚቻል ከሆነ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ ነው የሚቆጠረው እንጂ ያኔ የተገዛበት አይደለም። ቫት የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ 15 በመቶውን ከመሸጫ ዋጋችሁ አውጥታችሁ አስሉ፤ በ115 ብር የተሸጠ ዕቃ እናንተ ጋ የሚቀረው 100 ብር ነው።

አሁን ወደ ማሩ ዝርዝር። እኔ በግሌ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የሚቆረጥ ነገር የተገኘው እዚህ ውስጥ ነው።

ማሩን ድፍድፉን በኪሎ በ308 ብር እንቀበላለን። ሰም፣ እንጭጭና ቆሻሻው ተጣርቶ ሲወጣ ከ100 ኪሎ 88 ኪሎ ይቀራል፤ ስለዚህ የተጣራው ኪሎ 350 ብር ይፈጃል። ይኸም እንደ ቡናው ነው፣ ያልመዘነ ይሸወዳል። ሁለት መጠን ነው የምናሽገው፤ ባለ አንድ ኪሎና ባለ 250 ግራም፤ በወር ከሁለቱም 240፣ 240 ፍሬ። አንድ ኪሎው፦ ማሩ 350፣ ዕቃውና ክዳኑ 32፣ ስቲከሩ 8፣ ማጓጓዣ 10፤ በድምሩ 400 ብር። የሚሸጠው እዚሁ ቤታችን በ470 ነው። መዋጮው 70 ብር፣ በወር 16,800።

ትንሿን እዩአት። ማሩ 87 ብር ከ50፣ ዕቃው 22፣ ስቲከሩ 8፣ ለሚሸጡልን ሱቆች 10 በመቶ ኮሚሽን 13 ብር፣ ማጓጓዣና በመንገድ የሚፈስሰው 7 ብር። ድምሩ 137 ብር ከ50። የሚሸጠው በ130 ብር ነው። አንዷ ዕቃ በተሸጠች ቁጥር 7 ብር ከ50 ከኪሳችን እየጨመርን ነው፤ በወር 1,800 ብር። ለኪራይ አላዋጣችም ብቻ ሳይሆን አንድ ኪሎው ካዋጣው ላይ እየበላች ነበር። ይህ በ«ማር» ስም ተደምሮ ሲታይ አይታይም፤ 16,800 ሲቀነስ 1,800 ሆኖ 15,000 ብር የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በምርቱ ስም ደረጃ አትቁሙ። በመጠን፣ በዕቃ ዓይነት፣ ካስፈለገም በደንበኛ ድረስ ውረዱ።

ለምን እንደከሰረች ግልጽ ነው። ማሩ በአራት ተካፈለ፣ ዕቃው ግን በአራት አልተካፈለም፤ የትንሿ ዕቃ ዋጋ ከትልቋ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ስቲከሩ ጭራሽ አንድ ነው። ትናንሽ ማሸጊያ የምትሸጡ ሁሉ፣ ቅመምም ይሁን ዘይት ይሁን ሳሙና፣ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

መዋጮዋ ከዜሮ በታች ነው ማለት ግን ወዲያው ትቁም ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ዋጋና ወጪ ይሞከራል። በ145 ብር ብንሸጣት ኮሚሽኑ ወደ 14 ብር ከ50 ከፍ ይላል፣ ወጪዋ 139 ይሆናል፣ 6 ብር ታዋጣለች። ሱቆቹን ጠየቅናቸው። «በዚህ ዋጋ አትነሳልንም፣ ጎኗ ያለችው 125 ናት» አሉን። ከአዲስ አበባ ረከስ ያለ ዕቃ ፈለግን፤ ክዳኑ አይገጥምም፣ የሚፈስሰው በዛ። ከዚያ በኋላ ነው ያቆምናት። የማሩ ንጹህ መዋጮ ከ12,000 ወደ 13,800 ከፍ አለ፣ የወሩ ትርፍም ወደ 19,800። ኪራዩ ያው፣ ደመወዙ ያው፣ 90,000 ብሩ ያው ነው።

እዚህ ላይ እህቴ ያነሳችው ነገር ተገቢ ነበር። ትንሿን ማር የሚወስዱት ሱቆች የተፈጨ ቡናችንንም የሚወስዱት እነሱው ናቸው፤ ማሯን ስንከለክላቸው ቡናውን ቢተዉስ? አንድ ፓኬት ቡና 50 ብር ያዋጣል፤ የትንሿ ማር የወር ጉዳት 1,800 ብር ነው። 1,800ን ለ50 ስታካፍሉት 36 ይመጣል። ማለትም በማሯ መቅረት ከ36 ፓኬት በላይ የቡና ሽያጭ በወር የሚጠፋ ከሆነ ማሯን ማቆየት ይሻላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ማቆም። ይህን ቁጥር ከማቆማችን በፊት ወረቀት ላይ አስቀመጥነው፤ ምክንያቱም በኋላ ሽያጭ ከፍና ዝቅ ሲል ሁሉም የሚመቸውን ምክንያት ይሰጣል። አንድ ሱቅ አኩርፎ ቀነሰ፣ ሌሎቹ ቀጠሉ፤ የቀረው 36 ፓኬት አልደረሰም። በትልቁ ማር በኩልም እንዲሁ ነው፤ ሐሙስ የገበያ ቀን ማር ብለው የገቡ ሰዎች ሲወጡ ቡናም ይዘው ነው የሚወጡት። ማሩን ብንተወው የምናጣው 13,800 ብር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መዋጮ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ምርቱን ያዙ የሚለው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የሚሠራው ምርቱ የሌላውን ቦታ፣ ሰዓት ወይም ገንዘብ እስካልነጠቀ ድረስ ነው። የእኛ ጠባብ ቦታ ማሽኑ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት የመቁያ ሰዓት ያጥረናል፤ የተቆላ ቡና ለሁሉም ትዕዛዝ አይበቃም። ያኔ የምናየው በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ስንት ብር ይዋጣል የሚለውን ነው። ፍሬው በኪሎ 140 ብር ያዋጣል። የተፈጨው ከአንድ ኪሎ አራት ፓኬት ስለሚወጣ 200 ብር ያዋጣል። ስለዚህ በጠባቡ ሳምንት የተፈጨው ትዕዛዝ ይቀድማል፤ የካፌዎቹ ይዘገያል። በወሩ ድምር ሲታይ ፍሬ ቡናው 56,000 አምጥቶ የበላይ ነው፤ በማሽኑ ሰዓት ሲታይ ግን የበታች ነው። ማሩ ደግሞ ከማሽኑ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሳለ ልጅቷ ማር እያጣራች ትውላለች፣ በዚያ ሰዓት ሌላ የምትሠራው የለም። የማሩ 13,800 ብር ከማንም ያልተወሰደ ነው።

ቁጥሩ ዕድሜው አጭር መሆኑንም አስቡ። ጥሬ ቡና ከ600 ወደ 660 ቢወጣ፣ አሥር በመቶ ብቻ ነው፣ የአንድ ኪሎ የተቆላ ጥሬ ዕቃ ከ732 ወደ 805 ይደርሳል። ካፌዎቹ ዋጋ እስኪቀበሉን ድረስ የፍሬ ቡናው መዋጮ ከ140 ወደ 67 ብር ይወርዳል፣ ከግማሽ በታች። ጅማ ላይ ቡና በለቀማው ወራትና በክረምት አንድ ዋጋ አይገኝም፤ ስለዚህ እኛ ሠንጠረዡን የምናድሰው በወሩ መጨረሻ ሳይሆን አዲስ ጥሬ ቡና በገባ ቁጥር ነው። አንዲት የሞባይል ኤክሴል ገጽ ትበቃለች፤ ላይዋ ላይ የጥሬ ቡናውን ዋጋና ሲቆላ የሚቀንሰውን ክብደት መጠን ስትለውጡ ከታች ያለው ሁሉ አብሮ ይለወጣል።

ጎረቤታችን ያለ ልብስ ሰፊ፣ ማር የምናጣራበትን ጥግ ከፍሎ ሊከራየን ጠይቆን ነበር። 8,000 ብር በወር እሰጣለሁ አለ። ማሩ 13,800 እያዋጣ በ8,000 አይለወጥም፣ አመስግነን መለስነው። 15,000 ብሎ ቢሆን ኖሮ ይታሰብበት ነበር፤ ያኔም ቢሆን ከማር ጋር ቡና የሚወስዱትን ሰዎች ሒሳብ ጨምረን።

አሁን ከፊታችን ያለው የኪራይ ውሉ ማለቅ ነው። እስካሁን 25,000 ብሩን የማይነካ አድርገን ስናሰላ የቆየነው ውሉ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሲያልቅ ያ ቋሚ የተባለው ወጪ ለአንድ ሰሞን ቋሚ መሆኑ ይቀርና ምርጫ ይሆናል። ማር ከሌለን ጠበብ ያለ፣ 15,000 ብር የሚከራይ ቤት ይበቃናል፤ ማር ካለን የአሁኑን ያህል ቤት ያስፈልጋል። በዚያን ቀን ከማሩ 13,800 ላይ 10,000 ብር የኪራይ ልዩነት ይቀነስበታል፤ የሚቀረው 3,800 ነው። አሁንም ከዜሮ በላይ ነው፣ ግን ሳስቷል። የቤቱ ባለቤት ከ28,800 ብር በላይ ከጠየቀና ጠባቡ ቤት በ15,000 ከቆየልን፣ ማሩ አሁን በሚያዋጣው 13,800 ብቻ የኪራይ ልዩነቱን አይችልም። እህቴ ያንን 28,800 በማሩ ደብተር ሽፋን ላይ ጽፋዋለች፤ ለድርድሩ የምትሄደውም እሷ ናት።